«ያሳውቃል» ወይስ «ታሳውቃለች»? የሥራ ውልን ከፊርማ በፊት ማረም

አንዲት ሴት በመጋዘን ሥራ ልትቀጠር ነው እንበል። እንድትፈርመው የቀረበላት የሥራ ውል እንዲህ የሚል አንቀጽ አለው፦ «ሠራተኛዋ በመጋዘኑ ያለውን ንብረት በዝርዝር ትረከባለች። በየወሩ መጨረሻ ቆጠራ ያካሂዳል፤ ጉድለት ሲገኝ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃል።»

ንብረቱን የምትረከበው ሠራተኛዋ መሆኗ አያጠራጥርም። ቆጠራውን የሚያካሂደውስ ማን ነው? ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን በስም አልጠራም፤ ግሱ ግን ወንድ ነው ይላል። በዚህ ውል ውስጥ በወንድ ፆታ የሚጠራው ወገን ደግሞ አሠሪው ብቻ ነው። እንግዲህ ጽሑፉ በሚለው ከሄድን፣ መቁጠሩም ጉድለትን ማሳወቁም የአሠሪው ግዴታ ሆኖ አረፈ ማለት ነው። አሠሪው ግን እንዲህ ብሎ ሊዋዋል ፈጽሞ አላሰበም።

ስህተቱ እንዴት እንደገባ መገመት አይከብድም። ቀደም ሲል ለአንድ ወንድ ሠራተኛ የተዘጋጀው ውል ኮምፒውተር ላይ ነበር። አዲሷ ሠራተኛ ስትቀጠር ስሙ ተቀየረ፤ «ሠራተኛው» የሚለው ቃል ተፈልጎ «ሠራተኛዋ» ተባለ፤ አጠገቡ ያለው ግስ በዓይን ስለታየ «ትረከባለች» ሆነ። «ሠራተኛው» የሚል ቃል ያልነበረበት ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን እንዳለ ቀረ። በወንዱ ውል ላይ «ያካሂዳል» የሚለው ግስ ከፊቱ ያለውን «ሠራተኛው»ን ተከትሎ ስለሚነበብ ማንንም አላደናገረም። አንቀጹ በግማሽ ሲቀየር ግን ግዴታው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተሻገረ።

ከስድስት ወር በኋላ ንብረት ጎደለ እንበል። ሠራተኛዋ «መቁጠር የእናንተ ነበር፤ ውሉ እዚሁ አለ» ትላለች። አሠሪው «የጽሑፍ ግድፈት ነው፤ የሁላችንም ሐሳብ ይታወቃል» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከዚያ ወጥተው የተዋዋዮቹ ሐሳብ ምን ነበር እያሉ መተርጎም እንደማይችሉ ይደነግጋል። ስለዚህ ክርክሩ የሚጀምረው «ይህ ቃል ግልጽ ነው ወይስ አይደለም?» ከሚለው ነው። ማን እንደሚረታ አስቀድሞ መናገር አይቻልም። በአንድ ግስ ምክንያት ሁለቱም ወገኖች ጊዜና ገንዘብ እንደሚያወጡ ግን እርግጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 4 ላይ የሥራ ውል የሁለቱን ወገኖች መብትና ግዴታ በማያሻማ ሁኔታ እንዲገልጽ የሚጠይቀውም ይህን የመሰለ ጣጣ እንዳይመጣ ነው።

በአማርኛ የሥራ ውል ማረም ከሌላ ጽሑፍ እርማት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግሳችን ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ ባለቤቱ በስም ባይጠራም ዓረፍተ ነገሩ ይሞላል። አንድ ጊዜ ብቻ «ሠራተኛው» ብለን አምስት ዓረፍተ ነገር መቀጠል እንችላለን። ለወሬም ለድርሰትም ይህ ምቹ ነው። በውል ውስጥ ግን እያንዳንዱ ግስ ግዴታን ለአንድ ሰው የሚያሸክም ወይም መብትን ለአንድ ሰው የሚሰጥ ስለሆነ፣ የፆታ ምልክቱ ብቻውን የግዴታው ባለቤት ማን እንደሆነ ሊወስን ይችላል። ውል የሚያርም ሰው ከፊደል ግድፈት በፊት ይህን መመልከት አለበት ብዬ አምናለሁ። «ደመወዝ» በአንድ ቦታ «ደሞዝ» ተብሎ ቢጻፍ ያስቀይማል እንጂ ማንንም አይጎዳም።

እርማቱ የሚጀምረው ከማንበብ በፊት በሚወሰን አንድ ነገር ነው፦ ሠራተኛው በዚህ ውል ውስጥ በምን ዓይነት አነጋገር ይጠራል? ውሉ ለአንዲት ለታወቀች ሴት ወይም ለአንድ ለታወቀ ወንድ ብቻ የሚዘጋጅ ከሆነ ከፆታ ገለልተኛ ለመሆን መጨነቅ አያስፈልግም። በራሷ ወይም በራሱ ፆታ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው መጻፍ ነው። ውሉ ቅጽ ከሆነና ነገ ማንም ሊፈርመው ከሆነ ግን ምርጫ ያስፈልጋል። አማርኛ የሚሰጠን አማራጮች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ጥቅምና ጉዳት አላቸው።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚመርጡት ሁለቱንም በእዝባር መጻፍ ነው፦ «ሠራተኛው/ዋ ንብረቱን ይረከባል/ትረከባለች»። ለአንድ ገጽ ቅጽ ይሆናል። አሥር ገጽ ባለው ውል ላይ ግን ጸሐፊው ይደክመዋል፤ ከአራተኛው ገጽ በኋላ እዝባሩ እየተረሳ «ይረከባል» ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ እዝባር ያለበት ግዴታ ለሁለቱም ከሆነ፣ እዝባር የሌለበት ለወንድ ብቻ ነው ወይ?

ሌሎች ግሱን ወደ ተደራጊ ይለውጡታል፦ «በየወሩ መጨረሻ ቆጠራ ይካሄዳል፤ ጉድለት ሲገኝ በጽሑፍ ይገለጻል።» ፆታው ጠፋ፤ አብሮት ሠሪውም ጠፋ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው መድኃኒት ይህ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠቁም ነበር፤ ይህኛው ማንንም አይጠቁምም። «ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ ይከፈላል» ማለት የሚቻለው ከፋዩና ተቀባዩ ከሌላ አንቀጽ በማያጠራጥር ሁኔታ ሲታወቁ ብቻ ነው።

ለግዴታ ዝርዝር ጥሩ የሚሆነው ግሱን ወደ ስም ማምጣት ነው። «የሠራተኛ ግዴታዎች» የሚል ርእስ ይሰጥና ከሥሩ «ንብረት መረከብ፣ በየወሩ መጨረሻ ቆጠራ ማካሄድ፣ ጉድለት ሲገኝ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ» እየተባለ ይዘረዘራል። ባለግዴታው በርእሱ ላይ አለ፤ ከሥሩ ያሉት ቃላት ፆታ የላቸውም። ድክመቱ «ከሆነ»፣ «ካልሆነ በስተቀር» የሚሉ ሁኔታዎች ሲበዙ መታየቱ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ይጠማዘዛል።

ለቀረው የውሉ ክፍል የምመርጠው ሠራተኛውን «እርስዎ» ብሎ መጥራት ነው። የአክብሮቱ አነጋገር ወንድና ሴት አይለይም፦ «እርስዎ በመጋዘኑ ያለውን ንብረት በዝርዝር ይረከባሉ። በየወሩ መጨረሻ ቆጠራ ያካሂዳሉ፤ ጉድለት ሲገኝ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለድርጅቱ ፋይናንስ ክፍል በጽሑፍ ያሳውቃሉ። ድርጅቱ ማሳወቂያው በደረሰው በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማጣሪያ ያካሂዳል።» እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። ድርጅቱ ሁልጊዜ «ያካሂዳል»፣ ሠራተኛው ሁልጊዜ «ያካሂዳሉ» ስለሚሆን፣ ባለቤቱ በስም ባይጠራም ግሱ ብቻውን ሁለቱን ወገኖች ይለያቸዋል። «ሠራተኛው» እና «አሠሪው» ሁለቱም በወንድ ፆታ በሚጠሩበት ውል ይህ ልዩነት አይገኝም።

ይህም ቢሆን ገደብ አለው። አሠሪው ድርጅት ሳይሆን አንድ ግለሰብ ከሆነና እሱም በአክብሮት «አቶ እገሌ ይከፍላሉ» ከተባለ፣ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ግስ ይኖራቸውና ወደ ጀመርንበት ግራ መጋባት እንመለሳለን። እንደዚሁም «ሌሎች ሠራተኞች» የሚል ብዙ ቁጥር በመካከል ከገባ ቀጥሎ የሚመጣው «ያሳውቃሉ» የእነሱ ይመስላል። ስለዚህ ሌላ ባለቤት ጣልቃ በገባ ቁጥር «እርስዎ» የሚለውን ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። በውል ውስጥ ድግግሞሽ ነውር አይደለም።

«በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል» የሚለው ሐረግ በአዋጆቻችን የተለመደ ነው፤ ብዙ ውሎችም ይወስዱታል። ሴቷ ከውሉ መብት ውጭ እንዳትሆን ይረዳል። ግሱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም። እንዲያውም ሐረጉ ያለበት ውል ግማሹ በወንድ፣ ግማሹ በሴት ፆታ ተጽፎ ከተገኘ ነገሩ ይብሳል፤ ወንዱ ሴትን ይጨምራል ተባለ እንጂ «ትረከባለች» አሠሪውን ይጨምራል አልተባለምና።

ከአነጋገሩ ቀጥሎ የሚመጣው መጠሪያው ነው። አንድን ሰው በመግቢያው «ሠራተኛ»፣ በአንቀጽ 4 «ተቀጣሪ»፣ በአንቀጽ 9 «ውል ተቀባይ» ብሎ መጥራት በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ነገር ነው። ጸሐፊው ቃል ላለመድገም ብሎ ይሆናል፤ ወይም ሦስት የተለያዩ ውሎችን ቆርጦ ቀጥሎ ይሆናል። አንባቢ ግን ሦስት ስም ሲያይ ሦስት ሰው የመፈለግ መብት አለው። «ውል ሰጪ» እና «ውል ተቀባይ» በተለይ መወገድ ያለባቸው ይመስለኛል፤ ሥራውን የሚሰጠው ነው ውል ሰጪ ወይስ ጉልበቱን የሚሰጠው የሚለው በየሰዉ ይለያያል። አዋጁ «አሠሪ» እና «ሠራተኛ» ይላል፤ ከዚያ መውጣት ምንም አይጠቅምም። «እርስዎ» ከተመረጠም በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ «ከዚህ በኋላ ‹ሠራተኛ› ወይም ‹እርስዎ› እየተባሉ የሚጠሩት» ብሎ ማሰር በቂ ነው።

ሌላው ችግር «ሠራተኛ» የሚለው ቃል ራሱ ለሁለት ነገር ሲውል ነው። «ማንኛውም ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ መጋዘን መግባት አይችልም» የሚለው አንቀጽ የሚናገረው ስለ ፈራሚዋ ነው ወይስ ስለ ድርጅቱ ሰዎች ሁሉ? ስለ ሁሉም ከሆነ ቦታው የሥራ ደንቡ ነው። ስለ እሷ ከሆነ «ማንኛውም» የሚለው ይውጣ። ስለ ሌሎች የግድ መናገር ካስፈለገ «የድርጅቱ ሌሎች ሠራተኞች» ብሎ መለየት ይቻላል።

የሥራ መደቡ ስም ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ለማሳያ በያዝነው ውል መግቢያ ላይ «የመጋዘን ኃላፊ» ተብሏል። አንቀጽ 2 «የንብረት ክፍል ሠራተኛ» ይላል፤ ከውሉ ጋር የተያያዘው የሥራ ዝርዝር «ስቶር ኪፐር» የሚል ርእስ አለው፤ በደመወዝ ስኬሉ ላይ ያለው ደግሞ «ረዳት የንብረት ባለሙያ» ነው። አራቱንም የጻፉት ሰዎች አንድ ሥራ እያሰቡ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ኃላፊ» እና «ረዳት» እኩል አይደሉም፤ የሚያስከትሉትም አንድ አይደለም።

አዋጁ ለሥራ መሪዎች አይሠራም። የሥራ መሪ ማለት በስሙ «ኃላፊ» የተባለ ሁሉ አይደለም፤ የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዘዋወርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ስለዚህ መጋዘን ቆጣሪዋ «ኃላፊ» ስለተባለች ብቻ ከአዋጁ ጥበቃ አትወጣም። ሆኖም ስሙ በውሉ ላይ ካለ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም ስንብት አከራካሪ በሆነ ጊዜ «የሥራ መሪ ነበረች» ለሚል ክርክር በር ይከፍታል፤ እሷም አለመሆኗን ለማሳየት ትገደዳለች።

የሙከራ ጊዜም ከመጠሪያው ጋር ይያያዛል። በአንቀጽ 11 መሠረት የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ አይችልም። ዓላማው ሠራተኛው ሊመደብበት ለታሰበው የሥራ መደብ ተስማሚ መሆኑን መመዘን ነው። መደቡ በአራት ስም ከተጠራ የተመዘነችው ለየትኛው ነው? በረዳት ሥራ ስትመዘን ቆይታ «ለኃላፊነት ብቁ አይደለሽም» ብትባል ምን ትላለች? ሥራ ስትለቅ የምታገኘው የምስክር ወረቀትም የሠራችውን የሥራ ዓይነት መግለጽ አለበት፤ ያን ጊዜ አራቱም ስሞች እንደገና ጠረጴዛ ላይ ይመጣሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን አራሚው ብቻውን ሊወስነው አይችልም። በድርጅቱ መዋቅርና በደመወዝ ስኬሉ ላይ የጸደቀው ስም የትኛው እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን መጠየቅ አለበት። የጸደቀው ስም በአንድ አንቀጽ ብቻ በሙሉ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲህ በውሉ ሁሉ «የሥራ መደቡ» ይባላል። የሥራ ዝርዝሩ ርእስም ያንኑ ስም ይይዛል። ውሉ በእንግሊዝኛም የሚዘጋጅ ከሆነ የሁለቱ ቋንቋዎች መጠሪያዎች ጎን ለጎን ይቀመጡና ይነጻጸራሉ፤ አንዱ «ኦፊሰር» ብሎ ሌላው «ኃላፊ» ካለ ውሉ ገና አልታረመም። በዚሁ አጋጣሚ ፆታ የሚናገሩ የሥራ ስሞችም ይወጣሉ፦ «የጽዳት ሴት» ሳይሆን «የጽዳት ሠራተኛ»፣ «ሲስተር» ሳይሆን «ነርስ»።

ወደ ንባቡ እንመለስ። ኮምፒውተር ላይ በ Ctrl+F መፈለግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን «ሠራተኛ» ብለን ስንፈልግ «ሰራተኛ» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጠን ይችላል። በሠ እና በሰ፣ «አሠሪ» እና «አሰሪ» እየተባለ ሁለቱንም መፈለግ ግድ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መተካት ግን አልመክርም። የመጋዘኑን ውል ያበላሸው ይኸው ነው፤ ቃሉ ይቀየራል፣ ግሱ አይቀየርም።

ከዚያ በኋላ ውሉ ይታተምና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይያዛል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከአራት ነጥቡ ወደ ኋላ ማንበብ ይሻላል። ግሱ ላይ ቆም ተብሎ «ይህን የሚያደርገው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ሠራተኛ ከሆነ በአንዱ ቀለም፣ አሠሪ ከሆነ በሌላው ይሰመርበታል። መልሱ ከዚያው ዓረፍተ ነገር ካልተገኘ በቀይ ይከበባል፤ መታረም ያለበት እሱ ነው። ሁለተኛው ንባብ በግሱ ጅራት ላሉት ምልክቶች ይሆናል፦ «አለበት» እና «አለባት»፣ «ይከፈለዋል» እና «ይከፈላታል»፣ «ተሰጥቶታል» እና «ተሰጥቷታል»። ዓይን የሚዘልላቸው እነዚህን ነው።

እዚህ ላይ የሚቸኩል አራሚ ሌላ ስህተት ሊጨምር ይችላል። «ደመወዙ» የሚለው ቃል «የእሱ ደመወዝ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ደመወዝ ራሱን ብቻ የሚያመለክትም ሊሆን ይችላል። «ደመወዙ በባንክ ገቢ ይደረጋል» በሚለው ውስጥ የሚነገረው ስለ ደመወዝ ስለሆነ ለሴትም አይለወጥም። «ውሉ ይጸናል»፣ «ፈቃዱ ይሰጣል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በወንድ ፆታ የተጻፈ ሁሉ ስለ ሠራተኛው አይደለምና፣ ከማረም በፊት ግሱ የሚያመለክተው ሰውን ነው ወይስ ነገርን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ፈጽሞ ገለልተኛ መሆን የሌለባቸው አንቀጾችም አሉ። በአዋጁ መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ ወንድ ሠራተኛ ባለቤቱ ስትወልድ የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀናት ነው። በቅጽ ውል ላይ ሁለቱን በአንድ «የወሊድ ፈቃድ ይሰጥዎታል» መጠቅለል ስንት ቀን ለማን የሚለውን ያጠፋዋል። እዚህ ሴትና ወንድ በግልጽ ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስህተት ቢገኝስ? አንዱ ወገን በራሱ ቅጂ ላይ «ያካሂዳል»ን ሰርዞ «ታካሂዳለች» ቢል ምንም አልጠቀመም፤ ሁለት የማይመሳሰሉ ቅጂዎች ፈጠረ እንጂ። አዋጁ ውል በተዋዋዮቹ የጽሑፍ ስምምነት እንዲሻሻል ይፈቅዳል። ስለዚህ የአንቀጹን ቁጥር፣ የነበረውን ቃልና የተተካውን ቃል ሙሉ በሙሉ የሚገልጽ አጭር የማሻሻያ ስምምነት ተዘጋጅቶ ሁለቱም ይፈርሙበታል፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር ይያያዛል። ሠራተኛዋ ይህን ከመፈረሟ በፊት አንድ ነገር ልብ ማለት አለባት፦ ለአሠሪው የፊደል እርማት የሚመስለው ለእሷ አዲስ ግዴታ ሊሆን ይችላል። ቆጠራውን እስከዚያ ቀን ያላካሄደችው በውሉ ቃል ተመርታ ከሆነ፣ ማሻሻያው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ በዚያው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ይኖርባታል።